የሦስት ሰው ስላይድ፣ አንድ አቀራረብ፦ 58ቱን ወደ 14 ያወረድንበት መንገድ

ሐሙስ ማታ ሦስት የፓወርፖይንት ፋይል በቴሌግራም ደረሰኝ። አንዱ ከሥልጠና አስተባባሪያችን፣ ሌላው ከክትትልና ግምገማ ባለሙያው፣ ሦስተኛው ከፋይናንስ ኃላፊዋ። እዚህ ሀዋሳ ወጣቶችን ለሥራ የሚያሠለጥን ፕሮጀክት ውስጥ ነው የምሠራው። የዘጠኝ ወር አፈጻጸማችንን ለአጋሮቻችን የምናቀርበው የሚቀጥለው ረቡዕ ነበር። የተሰጠን ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። የመጣልኝ ስላይድ ደግሞ 22፣ 19 እና 17፣ ባጠቃላይ 58።

ሦስቱም ስለ ፕሮጀክቱ ዳራ ጽፈዋል። ሦስቱም የሠልጣኝ ቁጥር አስቀምጠዋል፣ ሦስቱም ቁጥሮች ይለያያሉ። ሦስቱም «ቀጣይ አቅጣጫ» የሚል ስላይድ አላቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ሦስቱን ፋይል አንድ ላይ መቀጠል፣ የተደጋገመውን ማጥፋት፣ ቀለሙን አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። እኔም ለዓመታት እንደዛ ስሠራ ኖሬያለሁ። ውጤቱ ሁሌም አንድ ነው፤ ሦስት ሰው ተራ በተራ ሲያወራ የሚሰማበት ረጅም ስብሰባ። ስለዚህ አሁን የምሠራበትን መንገድ በዚሁ ሥራ ላይ ተንተርሼ ልንገራችሁ።

ስላይዱን ከመንካታችሁ በፊት

ሦስቱን ፋይል ወደ አንድ ፎልደር አስገቡና «ዋናው» ብላችሁ ሰይሙት። ከዚህ በኋላ እነዚህን ሦስት ፋይሎች አትነኩም። ቅጂ አውጥታችሁ በቅጂው ላይ ሥሩ። ማክሰኞ ማታ አንድ ባልደረባ «የኔ ስላይድ ላይ እኮ እንዲህ አልነበረም» ሲላችሁ ከፍታችሁ የምታሳዩት ነገር ያስፈልጋችኋል።

ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ፊደል ስጡት። እኔ ሥ፣ ክ እና ፋ ብዬ ነው የሠራሁት፤ ሥልጠና፣ ክትትል፣ ፋይናንስ። የሥልጠናው ሰባተኛ ስላይድ «ሥ-7» ይባላል ማለት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን በስልክ «ያ ሰማያዊ ግራፍ ያለበት ስላይድ» እያላችሁ ግማሽ ሰዓት ከመጨቃጨቅ ያድናችኋል።

ከዚያ ሁሉንም አትሙ። `Print` ውስጥ ገብታችሁ `Handouts` ከሚለው ስር `6 Slides Horizontal` ብትመርጡ 58 ስላይድ አሥር ወይም አሥራ አንድ ወረቀት ይሆናል። በመቀስ ቁረጧቸውና ፊደልና ቁጥራቸውን በጥግ በኩል ጻፉባቸው። በ`Slide Sorter` ማየት ይቻላል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ስክሪን ላይ ሦስት ፋይል በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ማየት አይመችም፤ ስላይዱ ሲያንስ ደግሞ ዓይን የሚያየው ቀለሙን እንጂ የተጻፈውን አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ወረቀት ግን ይነበባል።

ለእያንዳንዱ ስላይድ አንድ ዓረፍተ ነገር

የሥራው ልብ ይሄ ነው። በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ያ ስላይድ የሚለውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ርዕሱን አይደለም፣ የሚለውን ነገር። «የሠልጣኞች ሁኔታ» ርዕስ ነው። «240 ወጣቶች ተመዝግበው 214 ጨርሰዋል» ግን አንድ ነገር ይላል።

ሥራው ከሁለት ሰዓት በላይ ወሰደብኝ። እየጻፍኩ ሳለ ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛ፣ ምንም ዓረፍተ ነገር ሊወጣላቸው ያልቻለ 11 ስላይዶች ነበሩ። የሥልጠና ፎቶ ብቻ ያለባቸው፣ «ይዘት» የሚሉ፣ «አመሰግናለሁ» የሚሉ፣ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ያለ ምንም ማብራሪያ የተለጠፈባቸው። እነዚህን ለብቻ አስቀመጥኳቸው። ሁለተኛ፣ ፍጹም የተለያየ መልክ ያላቸው ስላይዶች ጀርባቸው ላይ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይዘው ተገኙ፤ አንድ ዓይነት ርዕስ ያላቸው ደግሞ ጨርሶ የተለያየ ነገር ሲሉ ተገኙ። በርዕስ ብመድባቸው ኖሮ ተሳስቼ ነበር።

አሁን ወረቀቱን ገልብጡና በጀርባው ዓረፍተ ነገር መሠረት መድቡ። ተደራራቢ የሆኑት ስላይዶች በሦስት ይከፈላሉ፣ ለእያንዳንዱ የሚደረገው ነገርም ይለያያል።

አንድ ነገር የሚሉና አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ካሉ ቀላል ነው። አንዱን ያዙ። የትኛውን? ያማረውን አይደለም፤ መረጃው መጀመሪያ የተነሳበት ሰው የጻፈውን። የበጀት ነገር ከሆነ የፋይናንሷን፣ የክትትል ከሆነ የክትትሉን። ሌሎቹ ከእነሱ ገልብጠው ሊሆን ስለሚችል ስህተትም አብሮ ሊገባ ይችላል።

ስለ አንድ ጉዳይ እያወሩ ቁጥራቸው የሚለያይ ካሉ እዚህ ላይ ቁሙ። ምንም አትምረጡ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ዓይነት አንድ ጉዳይ ከተለያየ አቅጣጫ የሚያዩት ናቸው። ሥ-14 «ሠልጣኞች በትራንስፖርት ችግር ያቋርጣሉ» ይላል። ፋ-11 ደግሞ «የትራንስፖርት አበል ክፍያ በሰነድ መጓተት ወደ ሦስተኛው ሳምንት ተሻግሯል» ይላል። ክ-9 ላይ ያለው ግራፍ የሚያሳየው ያቋረጡት ሠልጣኞች አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እንደወጡ ነው። ሦስቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ የአንድን ታሪክ ሦስት ቁራጭ ነው የጻፉት። እነዚህን አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም። አዲስ ስላይድ ይወጣቸዋል።

ቁጥሮቹ ሲጋጩ

የሠልጣኙ ቁጥር በሥ-5 ላይ 240 ነው። በክ-4 ላይ 214። በፋ-6 ላይ 226። ሦስቱም ስላይዶች የሚናገሩት ስለ ሠልጣኙ ብዛት ነው።

እንዲህ ሲያጋጥም አብዛኛውን ጊዜ ማንም አልተሳሳተም። እያንዳንዱ የተለያየ ነገር ቆጥሮ ነው። ስለዚህ «ትክክለኛው የቱ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ያ ጥያቄ ሰውን መከላከል ውስጥ ያስገባል። «ይሄ ቁጥር ምን ይቆጥራል?» በሉ። አስተባባሪያችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ አርብ ጠዋት ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ሥ-5 ላይ ያለው 240 ምንድን ነው የሚቆጥረው?»

«የተመዘገበውን ነዋ። ፎርም ሞልቶ የገባውን።»

ፋይናንሷ ደግሞ «እኔ ቢያንስ አንዴ አበል ተቀብሎ የፈረመውን ነው የቆጠርኩት» አለችኝ። ክትትሉ የቆጠረው ጨርሶ ምስክር ወረቀት የወሰደውን ነው። ሦስቱም ልክ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሦስቱን ቁጥር የየራሳቸው ስም ሰጥቶ ያልፋል። እናንተ ግን ጎን ለጎን አድርጓቸው። 240 ተመዘገቡ፣ 214 ጨረሱ፤ ስለዚህ 26 አቋርጠዋል። 240 ተመዘገቡ፣ 226 አበል ተቀበሉ፤ ስለዚህ 14 ሰው አንድም ጊዜ አልተከፈለውም። እነዚያ 14 ሰዎች ካቋረጡት 26 መካከል ናቸው? በመቀነስ ብቻ አይታወቅም፤ ያልተከፈለው ሰው ጨርሶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምዝገባውን፣ የክፍያውንና የምስክር ወረቀቱን ዝርዝር ስም በስም አመሳከርን። 14ቱም ካቋረጡት ውስጥ ነበሩ።

ከሦስት «የሚጋጩ» ቁጥሮች ማንም ያልጻፈው ዓረፍተ ነገር ወጣ፦ «ካቋረጡት 26 ሠልጣኞች 14ቱ የወጡት የመጀመሪያውን አበል ሳይቀበሉ ነው።» ቅድም ያልኳቸውን ሥ-14ን፣ ፋ-11ን እና ክ-9ን አንድ የሚያደርጋቸው ስላይድ ይኸው ነው። የአቀራረባችን ዋና ነጥብም እሱ ሆነ። አንደኛው ቁጥር ላይ ቶሎ ብንስማማና ሌሎቹን ብናጠፋ ኖሮ አናገኘውም ነበር። ልብ በሉ፣ ስላይዱ «ያቋረጡት አበል ስለዘገየ ነው» አይልም። ያንን የሚያውቁት ሠልጣኞቹ ናቸው፣ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም።

ሌላው የቁጥር ግጭት ከቀን መቁጠሪያ የሚመጣ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ይሄ በየቦታው አለ። ሥራ ያገኙት ሰዎች በአንዱ ስላይድ 137፣ በሌላው 131 ነበሩ። 131ዱ ለረጂው ድርጅት ከተላከው ሪፖርት የተወሰደ ነው፤ እነሱ ሩብ ዓመታቸውን የሚዘጉት በፈረንጆቹ ማርች 31፣ በእኛ መጋቢት 22 ነው። የኛ ዘጠኝ ወር ግን መጋቢት 30 ያልቃል። በመካከሉ ባሉት ስምንት ቀናት ስድስት ሰው ተቀጥሯል። «የመጀመሪያ ሩብ ዓመት» የሚለውንም እንደዚሁ ተጠንቀቁበት፤ ለአንዱ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፣ ለሌላው ከጃንዋሪ እስከ ማርች። አንድ የመዝጊያ ቀን ምረጡ፣ እሱንም ቁጥር ባለበት ስላይድ ሁሉ ግርጌ ላይ ጻፉት።

መቶኛም ካለ ከምን ላይ እንደተሰላ ጠይቁ። 137 ከ214 ጨራሾች 64 በመቶ ነው። ከ240 ተመዝጋቢዎች ግን 57 በመቶ። ሁለቱም በሁለት ስላይድ ላይ ነበሩ፣ አንዳቸውም ከምን ላይ እንደሆነ አይናገሩም።

ዳራ የሚለውን ስላይድ ደግሞ ማንም አያነበውም ብላችሁ አትለፉት። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ሀዋሳ አሁንም «የደቡብ ክልል ዋና ከተማ» ተብላ ተቀምጣለች። ሲዳማ ግን ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ነው። ያ ስላይድ ከዓመት ዓመት ሲገለበጥ የኖረ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ስላይድ ካገኛችሁ ላዩ ላይ ያለውን ሌላውንም ነገር አትመኑት።

መጀመሪያ ጽሑፍ፣ ስላይዱ በኋላ

አሁንም ፓወርፖይንት አትክፈቱ። ባዶ ወረቀት ወይም ዎርድ ላይ አቀራረቡን በዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉት። ለ20 ደቂቃ እኔ ከ14 ስላይድ በላይ አልሄድም። ስለዚህ 14 መስመር፤ እያንዳንዱ መስመር ከላይኛው የሚቀጥል መሆን አለበት፣ ከላይ እስከ ታች ሲነበብ እንደ አንድ አንቀጽ ይሂድ።

እዚህ ላይ የሚያታልል ነገር አለ። ቅደም ተከተሉን በክፍል ማድረግ ይመቻል፤ መጀመሪያ ሥልጠና፣ ቀጥሎ ክትትል፣ በመጨረሻ ፋይናንስ። ማንም አይከፋም፣ ሁሉም የራሱን ያገኛል። ግን አድማጩ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያ ይጀምራል። የኛ ቅደም ተከተል እንዲህ ሆነ፦ ምን ልናደርግ አቅደን ነበር፣ ስንት ሰው ገባ፣ ስንቱ ጨረሰ፣ ስንቱ ሥራ አገኘ፣ ያልጨረሱት የት ጠፉ፣ ገንዘቡ የት ሄደ፣ አበሉ ለምን ዘገየ፣ ምን ልንቀይር ነው፣ ከእናንተ ምን እንፈልጋለን። የፋይናንሷ ነገር መሀል ገባ፣ የክትትሉ በሦስት ቦታ ተበተነ።

ያንን አንድ ገጽ ለሦስቱም ላኩላቸው። ስላይድ ሳይሆን ጽሑፉን። ስላይድ ከላካችሁ ስለ ቀለምና ስለ ፎቶ ነው የሚመልሱላችሁ። ጽሑፍ ሲሆን ግን የሚያነቡት ሐሳቡን ነው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፤ ስህተት የሆነ ነገር አለ ወይ፣ ሳይገባ ሊቀር የማይገባው ነገር አለ ወይ።

ስላይዱ የወጣበት ሰው ካለ ደግሞ በስብሰባ ላይ ሳይሆን አስቀድማችሁ ንገሩት። እኔ ለአስተባባሪያችን «ጋሼ፣ የሥልጠና ሞጁሎቹ ዝርዝር ከዋናው ወጥቶ መጨረሻ ላይ ተጨማሪ ሆኖ ይቀመጣል፣ ጥያቄ ከመጣ እሱን እንከፍታለን» አልኳቸው። ቅር አላቸው፣ ግን አስቀድመው ስለሰሙ ረቡዕ ዕለት ራሳቸው ከፍተው አስረዱበት። ዘጠኝ ስላይዶች እንዲህ ከ«ጥያቄዎች» ስላይድ በኋላ ተቀመጡ።

አሁን ፋይሉ

አዲስ ባዶ ፋይል ክፈቱ። ከሦስቱ በአንዱ ላይ አትቀጥሉ፤ የዚያ ሰው አሠራር ሳታውቁት አብሯችሁ ይመጣል። ገና ባዶ እያለ `Design` ውስጥ `Slide Size` ገብታችሁ ስፋቱን ወስኑ። አንዱ ፋይል በድሮው 4:3 የተሠራ ከሆነና በኋላ ከቀየራችሁት ክቡ ሎጎ ሞላላ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከዚያ `View` ውስጥ `Slide Master` ገብታችሁ ፎንቱን፣ ቀለሙን፣ የገጽ ቁጥሩን እዚያ ብቻ አስተካክሉ።

ቀጥሎ 14ቱን ባዶ ስላይዶች ፍጠሩና ዓረፍተ ነገሮቹን በርዕስ ቦታ ላይ አስገቡ። ከድሮዎቹ ፋይሎች የምታመጡት ግራፍ፣ ሠንጠረዥና ፎቶ ብቻ ነው። ሙሉ ስላይድ ማምጣት ካለባችሁ ስትለጥፉ `Use Destination Theme` ይሁን። `Keep Source Formatting` ካላችሁ የዚያ ፋይል ማስተር አብሮ ይገባል፤ በመጨረሻ `Slide Master` ስትከፍቱ አራት ማስተር ታገኛላችሁ፣ ፎንት በአንዱ ስትቀይሩ በሌላው አይቀየርም።

ቴሙን አስተካክላችሁ አንዳንዱ ስላይድ እምቢ ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ሰውየው ጽሑፉን ከተዘጋጀለት ቦታ ውስጥ ሳይሆን በ`Text Box` ነው የጻፈው። እሱ ማስተሩን አይከተልም፣ `Reset` ብትሉትም አይሰማም። ለመለየት `View` ውስጥ `Outline View` ክፈቱ። በቴክስት ቦክስ የተጻፈው ጽሑፍ እዚያ አይታይም። ቆርጣችሁ ወደ ትክክለኛው ቦታ መለጠፍ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም።

የአማርኛ ፎንት ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። አንዱ ፋይል ላይ ፎንቱን ስቀይር ግማሹ ጽሑፍ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነ። ይህ የሚሆነው ጽሑፉ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ሲጻፍ ነው። በዚያ ዓይነት ፎንት ከስር ያለው የላቲን ምልክት ነው፤ የአማርኛ መልክ የሚሰጠው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ሲነሳ ፊደሉም ይነሳል። ለማወቅ አንድ ቃል ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ ነው፣ ካልሆነ ያንን ስላይድ እንደ አዲስ መተየብ ይሻላል። ጥቂት ስላይድ ከሆነ ከመለወጫ ፕሮግራም ጋር ከመታገል ይፈጥናል። ለአዲሱ ፋይል እኔ `Ebrima` እጠቀማለሁ፤ ግዕዝ ፊደልን ይዞ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ላይም የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

አሁን የምነግራችሁን ግን እባካችሁ ጠብቁት። ከኤክሴል ተገልብጦ የተለጠፈ ግራፍ ሲሆን ከግራፉ ጋር ሙሉው የኤክሴል ፋይል ሊገባ ይችላል፣ የተለጠፈው `Embed Workbook` በሚለው ምርጫ ከሆነ። የምታዩት ግራፍ አንድ ነው፤ ነገር ግን ማንም ሰው ግራፉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ `Edit Data` ቢል ሌሎቹን ገጾች በሙሉ ማየት ይችላል። በፋ-8 ላይ የነበረው የበጀት ግራፍ ከኋላው የሠራተኛ ደመወዝ ዝርዝር ያለበት ገጽ ይዞ ነበር። ስላይዱ ደግሞ ከአቀራረቡ በኋላ ለሁሉም ተሳታፊ በኢሜይል ሊላክ ነው! ያንን ግራፍ አጥፍቼ አምስቱን ቁጥሮች ብቻ በእጅ አስገብቼ እንደ አዲስ ሠራሁት። ቁጥሩ የማይቀየር ከሆነ `Picture` አድርጎ መለጠፍም ይበቃል። ከሌላ ሰው የመጣ እያንዳንዱን ግራፍ `Edit Data` ብላችሁ ከኋላው ያለውን እዩ።

አንድ ሰው የጻፈው ማድረግ

ይሄን ሥራ ለሦስት አታካፍሉት። አንድ ሰው፣ በአንድ መቀመጫ፣ ሁሉንም 14 ስላይድ እንደ አዲስ ይጻፍ። ማስተካከል ሳይሆን መጻፍ። የሌላን ሰው ዓረፍተ ነገር እዚህም እዚያም ብትነካኩት የእሱ አካሄድ ከስር ይቀራል።

የኛ ሦስት ሰዎች አጻጻፍ ይህን ይመስል ነበር። ሥልጠናው፦ «ወጣቶቻችንን በሚገባ አሠልጥነን ለፍሬ አብቅተናል።» ክትትሉ፦ «በተያዘው በጀት ዓመት ለ214 ተጠቃሚዎች የክህሎት ሥልጠና የመስጠት ተግባር ተከናውኗል።» ፋይናንሷ፦ «የተሳታፊዎች ብዛት፦ 226።» አንዱ በኩራት ያወራል፣ አንዱ የቢሮ ሪፖርት ነው፣ አንዱ ደረሰኝ።

ከመጻፋችሁ በፊት በግማሽ ገጽ ላይ ጥቂት ነገር ወስኑ። ዋናው የሚናገረው ማን ነው የሚለው ነው። «ሠልጥነዋል»፣ «አሠልጥነናል» ወይስ «ፕሮጀክቱ አሠልጥኗል»? እኔ «እኛ»ን መረጥኩ። ምክንያቱም «ተከናውኗል» ሲባል ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ ስለ አበሉ መዘግየት ስንናገር ደግሞ ባለቤት ያስፈልገዋል። «ክፍያው ዘግይቷል» እና «ክፍያውን አዘግይተናል» ሰሚው ዘንድ አንድ አይደሉም። ይህን ግን ፋይናንሷን ሳልጠይቅ አላደረግኩትም፤ ጥፋቱ የሷ ብቻ ስላልሆነ «እኛ» መባሉን ወደደችው።

ከዚያ የሰዎቹ ስም። ሠልጣኝ፣ ተጠቃሚ፣ ተሳታፊ፤ ሦስቱም ያው ሰዎች ናቸው። አድማጭ ቃሉ ሲለዋወጥ የተለያዩ ሰዎች ይመስሉታል። «ሠልጣኝ» ብለን ዘጋን። ከቁጥሩ ጋር ደግሞ ሁሌም «የተመዘገቡ»፣ «አበል የተቀበሉ» ወይም «የጨረሱ» የሚል አንድ ቃል ይጨመራል።

የስላይድ ርዕሶች ሁሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኑ፤ «የሥራ ስምሪት ሁኔታ» ቀረና «ከጨረሱት 214 ሠልጣኞች 137ቱ ሥራ አግኝተዋል» ሆነ። ቅድም የጻፋችኋቸው 14 መስመሮች እኮ እነዚሁ ናቸው።

ፊደልና ነጥብ ለመጨረሻ ይቆዩ፣ ግን አይዘለሉ። የከተማችን ስም ብቻ በሦስት መልክ ተጽፎ አገኘሁት፦ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ። `Ctrl+H` ብላችሁ ስትፈልጉ ፕሮግራሙ ሀ እና ሐን አንድ አድርጎ አያይም፣ ስለዚህ እያንዳንዱን መልክ ለየብቻ መፈለግ አለባችሁ። ሥልጠና እና ስልጠና፣ አፈጻጸም እና አፈፃፀም እንደዚሁ። አራት ነጥቡንም እዩት። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመንካት «፡፡» ይጽፋል፤ ትክክለኛው ግን አንድ ምልክት የሆነው «።» ነው። በዓይን ይመሳሰላሉ፣ መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግን አንዱ ነጥብ ተለይቶ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በ`Ctrl+H` በአንዴ ይለወጣል። ፎቶ ሆነው የገቡ ሠንጠረዦችን ግን ፍለጋው አያገኛቸውም፣ በዓይን ማለፍ ነው።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለአንድ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። እኔ ለክትትሉ አነበብኩለትና የትኛውን ስላይድ ማን እንደጻፈው ይገምት እንደሆነ ጠየቅኩት። በሁለቱ ላይ ወዲያው «ይሄ የጋሼ ነው» አለኝ። አንደኛው ላይ «ለፍሬ» የሚለው ቃል ተርፎ ነበር፣ ሌላው ላይ ሦስት ቅጽል ተደርድሯል። ሁለቱን እንደገና ጻፍኳቸው።

ከመላካችሁ በፊት

አቅራቢዎቹ ሦስት ከሆኑ ቅብብሉን በስላይድ ሳይሆን በስላይዱ ስር ባለው `Notes` ላይ ጻፉ፤ «ከዚህ በኋላ እሷ ትቀጥላለች፣ አበሉ ለምን እንደዘገየ ታስረዳለች» የምትል አንድ መስመር ትበቃለች። ፋይሉን በኢሜይል ከመላካችሁ በፊት ግን እነዚህ ማስታወሻዎችና የቀሩ ኮሜንቶች እንዳይሄዱ `File`፣ `Info`፣ `Check for Issues`፣ `Inspect Document` በሉ። ይህንን በቅጂው ላይ አድርጉት፣ የአቅራቢዎቹ ማስታወሻ አብሮ እንዳይጠፋ።

`File`፣ `Options`፣ `Save` ውስጥ ደግሞ `Embed fonts in the file` የሚለውን አብሩት። ፒዲኤፍ ቅጂም በፍላሽ ያዙ። እኛ ማክሰኞ ከሰዓት አዳራሹ ድረስ ሄደን በዚያው ኮምፒውተርና በዚያው ፕሮጀክተር 14ቱን ስላይድ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ሆነን አየናቸው። የበጀቱ ግራፍ ላይ ያሉት ቁጥሮች ከዚያ አይነበቡም ነበር። ከአምስቱ ዓምዶች ሁለቱን አዋሕደን ፊደሉን ወደ 24 ከፍ አደረግነው፣ ፋይናንሷም ስለተዋሐዱት ሁለቱ በቃል እንደምትናገር ተስማማን።